በስሕተት በትርፍ የተከፈለ ደመወዝ በእኩል ወርኃዊ ተቆራጭ ስለሚመለስበት አኳኋን
በአቃቂ ቃሊቲ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተመረጠው ርእስ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲታይ አንዲት መስመር ብቻ ነው። «ከሠራተኛ ተሰብሳቢ» ተብሎ ይጻፋል፤ በየወሩ ጥቂት ብር ይቀነስበታል፤ ሲያልቅ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ያቺ መስመር በአንድ ሰው ቤት የአንድ ዓመት ኑሮ ናት። ከሳሪስ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ፋብሪካዎች ውስጥ የደመወዝ ሒሳብ የሠራን ሁላችን፣ ያለአግባብ የተከፈለ ገንዘብ ይመለስ ሲባል ምን እንደሚደርስ አይተናል። ስለሆነም ስለ ነገሩ በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ አንድ ጉዳይ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባስረዳ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። የድርጅቱንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠራም፤ አኃዞቹንም ለስሌት እንዲያመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአቃቂ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ይሠሩ ነበር። አንደኛዋ በመፍተያ መኪና ላይ የምትሠራ ስትሆን የወር ደመወዟ 6,000 ብር ነው። ሁለተኛዋም በዚያው ደመወዝ ስትሠራ ቆይታ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በ8,400 ብር ደመወዝ የፈረቃ ተቆጣጣሪ እንድትሆን የዕድገት ደብዳቤ ተጻፈላት። በደብዳቤው ላይ የአያት ስም አልተጻፈም፤ የመታወቂያ ቁጥሯም አልተጠቀሰም። የደመወዝ ጸሐፊው ዕድገቱን በመጀመሪያይቱ ሴት ስም ፊት መዘገበው። በዚህም ምክንያት የመፍተያ ሠራተኛዋ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር፣ ይኸውም አምስት የደመወዝ ወራት፣ በ8,400 ብር ሒሳብ ተከፈላት።

እንዴት አላወቀችም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ለዚህ መልሱ በወሩ ውስጥ ይገኛል። በገቢ ግብር አዋጅ ላይ የተደረገው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው በሐምሌ 2017 ነበርና የሁሉም ሠራተኛ የተጣራ ክፍያ በአንድ ጊዜ ከፍ ብሏል። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው ከዚያ በፊት 935 ብር ግብር ይከፍል የነበረው በአዲሱ ስሌት 700 ብር ብቻ ከፈለ። ስለዚህ በፋብሪካው ውስጥ «ዘንድሮ ግብር ቀንሷል» የሚለው ወሬ በሁሉም አፍ ነበር። የዚህች ሠራተኛ ጭማሪ ከጓደኞቿ ጭማሪ እንደሚበልጥ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ሰው የራሱን የደመወዝ ወረቀት ከጎረቤቱ ወረቀት ጋር አያስተያይም። ስሕተቱ የተገለጠው በታኅሣሥ 2018 ሲሆን የገለጠችውም ዕድገቱ የሚገባት ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ «ደብዳቤው ከተጻፈልኝ አምስት ወር ሞላኝ፤ ገንዘቡ ግን የት ሄደ?» ብላ በመጠየቋ ነው።

የሒሳብ ክፍሉ የመጀመሪያ እርምጃ ፈጣን ነበር። በ8,400 እና በ6,000 መካከል ያለው ልዩነት 2,400 ብር ነው፤ በአምስት ወር 12,000 ብር ይሆናል። ሕጉ ከደመወዝ አንድ ሦስተኛ ድረስ መቁረጥ ይፈቅዳል፤ የ6,000 ብር አንድ ሦስተኛ 2,000 ብር ነው፤ ስለዚህ በስድስት ወር ይመለሳል ተብሎ ደብዳቤ ተረቀቀ። ስሌቱ በደንብ የተስተካከለ ይመስላል፤ ሳይተርፍና ሳይጎድል በስድስት ወር ያልቃል። ሆኖም በዚህ አጭር ደብዳቤ ውስጥ ሦስት ስሕተቶች ነበሩ። ንግግሬ የሚያተኩረው እነዚህን ሦስት ስሕተቶች አንድ በአንድ በመፍታት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ድርጅቱ ገንዘቡን የመጠየቅ መብቱን በገዛ እጁ ከመውሰድ መብት ጋር ማደባለቁ ነው። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ድርጅቱ ባለመብት መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ባለመብት መሆን አንድ ነገር ነው፤ ከሰው ደመወዝ ላይ መቁረጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 እንዳስቀመጠው፣ አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ሊቀንስ የሚችለው በሕግ፣ ወይም በኅብረት ስምምነት፣ ወይም በሥራ ደንብ ሲወሰን፣ አለዚያም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን ብቻ ነው። በዚያ ፋብሪካ የኅብረት ስምምነቱም ሆነ የሥራ ደንቡ በስሕተት ስለተከፈለ ደመወዝ አንዳች አላሉም። ፍርድ ቤትም የሄደ አልነበረም። ስለሆነም የቀረው አንድ በር የሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት ነበር። ደብዳቤው ግን «ከጥር ወር ጀምሮ የሚቆረጥብዎት መሆኑን እናስታውቃለን» የሚል ነበር እንጂ ስምምነቷን አልጠየቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሠራተኛዋ ወደ ሒሳብ ሹሙ ቢሮ ተጠርታ ስትመጣ የተናገረችውን አልረሳውም። «ጋሼ፣ እኔ ገንዘብ አልሰረቅሁም፤ ደመወዝሽ ነው ብላችሁ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለች። ሒሳብ ሹሙም «እውነትሽን ነው እኅቴ፤ ስሕተቱ የኛ ነው። ገንዘቡ ግን የድርጅቱ ስለሆነ እንዴት እንደምትመልሺው አብረን እንቁጠር» ሲል መለሰላት። «የኛ ስሕተት ነው» የሚለው ቃል በአፍ ብቻ ሳይቀር በስምምነቱም ላይ ሊጻፍ ይገባል። ሠራተኛው ጥፋተኛ ነው የሚል ጽሑፍ ላይ እንዲፈርም ከተጠየቀ አይፈርምም፤ ቢፈርምም ያ ወረቀት በግል ማኅደሩ ውስጥ እንደ ቅጣት ሆኖ ይኖራል።

ሁለተኛው ስሕተት ስለ ገንዘቡ መጠን ነው። ድርጅቱ 12,000 ብር በትርፍ መክፈሉ እውነት ነው፤ ሠራተኛዋ ግን 12,000 ብር አልተቀበለችም። ይህን ለመረዳት የአንዱን ወር ክፍያ ከፍለን እንመልከት። ትክክለኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሲሆን ግብሩ 700 ብር፣ በመቶ 7 የሚታሰበው የጡረታ መዋጮዋ 420 ብር ነው፤ ስለዚህ የተጣራው 4,880 ብር ይሆናል። በስሕተቱ ደመወዝ፣ በ8,400 ብር፣ ግብሩ 1,250 ብር፣ ጡረታው 588 ብር ሆኖ የተጣራው 6,562 ብር ነበር። በእጇ የገባው ትርፍ እንግዲህ በወር 1,682 ብር ነው። ከቀረው 550 ብር ወደ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ 168 ብር ደግሞ ወደ ጡረታ ፈንድ ሄዷል። ሦስቱ ሲደመሩ 2,400 ብር ይሆናሉ። በአምስት ወር ሲባዛ በእጇ የገባው 8,410 ብር፣ ግብሩ 2,750 ብር፣ የእርሷ ስም ያለበት የጡረታ መዋጮ 840 ብር ነው። ድርጅቱ በራሱ በኩል በመቶ 11 ሒሳብ በትርፍ ያዋጣውም 1,320 ብር አለ።

እንግዲህ ከተጣራ ክፍያዋ ላይ 12,000 ብር ቢቆረጥ ኖሮ ሠራተኛዋ ካልተቀበለችው ገንዘብ 3,590 ብር በከፈለች ነበር። ይህ ገንዘብ ከግብሩና ከጡረታው መሥሪያ ቤት በማስተካከያ ሊጠየቅ የሚገባው እንጂ ከእርሷ የሚወሰድ አይደለም። የማስተካከያው ጥያቄ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል፤ በየወሩ የተላኩትን የግብርና የጡረታ መግለጫዎች እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። የመዘግየቱ ሸክም ግን በስሕተቱ ባለቤት፣ በድርጅቱ ላይ ሊወድቅ ይገባል። «መንግሥት እስኪመልስልን ከአንቺ እንያዝ» ማለት ሸክሙን አቅም ወደሌለው ሰው ማዛወር ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ ድካም ለማስቀረት አንድ አቋራጭ መንገድ ይጠቀማሉ። በሚቀጥሉት አምስት ወራት ጠቅላላ ደመወዙን በ2,400 ብር ዝቅ አድርገው 3,600 ብር ብለው ይመዘግቡታል፤ ግብሩም ጡረታውም በራሱ ይስተካከላል ይላሉ። አይስተካከልም። የደመወዝ ግብር በየወሩ ለብቻው የሚታሰብ ስለሆነ ወደ ላይ ሲወጣ የተከፈለበት መጣኔና ወደ ታች ሲወርድ የሚቀነስበት መጣኔ አንድ ላይሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ሠራተኛዋ ወደ 8,400 ብር ስትወጣ በወር 550 ብር ተጨማሪ ግብር ከፍላለች። ወደ 3,600 ብር ስትወርድ ግን ግብሯ ከ700 ወደ 240 ብር ብቻ ስለሚወርድ የምታገኘው ቅናሽ 460 ብር ነው። በወር 90 ብር፣ በአምስት ወር 450 ብር ያለምክንያት ታጣለች። ከዚህም ሌላ የወር ቅናሹ ከአንድ ሦስተኛ ጣሪያ ያልፋል፤ የመዝገብ ደመወዟም ከእውነተኛው በታች ተጽፎ ይቀራል። የጡረታ አበል የሚታሰበው በአገልግሎት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ ጡረታ ለመውጣት ለቀረበ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ደመወዙ 6,000 ብር እንደሆነ ይቆይ፤ ግብሩና ጡረታውም በዚያው ላይ ይታሰብ፤ የመመለሻው ተቆራጭ ግን ከግብርና ከጡረታ በታች ለብቻው በራሱ ዓምድ ይግባ።

ሦስተኛው ስሕተት አንድ ሦስተኛውን ብቻውን እንደቆመ ቁጥር መቁጠር ነው። አንቀጽ 59 የሚናገረው በአንድ ጊዜ ስለሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ በማናቸውም አኳኋን ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም ይላል። ይህ ድንጋጌ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም የነበረ ነው። «ጠቅላላ» የሚለው ቃል ዋናው ነው። ሠራተኛዋ አስቀድሞ ሌሎች ተቆራጮች ነበሩባት። ለሠራተኞች ማኅበር መዋጮ 60 ብር፣ ለገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር መደበኛ ቁጠባ 500 ብር፣ ከዚያው ማኅበር ለወሰደችው ብድር 540 ብር፣ በድምሩ 1,100 ብር በየወሩ ይቆረጥባት ነበር። ከ2,000 ብር ጣሪያ ላይ ይህ ሲቀነስ ለአዲሱ ተቆራጭ የሚቀረው ስፍራ 900 ብር እንጂ 2,000 ብር አይደለም። በመጀመሪያው ደብዳቤ መሠረት ቢሆን ኖሮ ከ4,880 ብር ላይ 1,100 ብርና 2,000 ብር ተቀንሶ በእጇ የሚገባው 1,780 ብር ብቻ ይሆን ነበር።

ግብሩና ጡረታው ከአንድ ሦስተኛው ውስጥ ይቆጠራሉ ወይ የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። የአንቀጹ ቃል አይለይም። ነገር ግን ይቆጠራሉ ካልን ከፍ ባለ ደመወዝ ላይ ነገሩ ሊሠራ አይችልም። ለምሳሌ ደመወዙ 40,000 ብር የሆነ ሰው ግብሩ 11,950 ብር፣ ጡረታው 2,800 ብር፣ በድምሩ 14,750 ብር ነው፤ አንድ ሦስተኛው ግን 13,333 ብር ስለሆነ በሌላ አዋጅ የታዘዘው ግብር ራሱ ሕግ ጥሷል ሊባል ነው። ስለዚህ እኔ የምከተለው አሠራር ግብርና ጡረታን ወደ ጎን ትቶ የቀሩትን ተቆራጮች በሙሉ በጣሪያው ሥር መደመር ነው። ሆኖም ግብርና ጡረታ ወደ ጎን ተተዉ ማለት ከሠራተኛው ኪስ አልወጡም ማለት አይደለም። ይህንንም የሚጠብቅ ሁለተኛ መመዘኛ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላክል። አንድ ሦስተኛው የሚታሰበው በደመወዝ ላይ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 53 ደመወዝን ሲተረጉም የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የትራንስፖርትና የመሳሰሉትን አበሎች፣ ጉርሻንና የማትጊያ ክፍያን ከደመወዝ ውጭ አድርጓቸዋል። በፋብሪካ ውስጥ ትርፍ ሰዓት በበዛበት ወር የክፍያው ድምር 9,000 ብር ቢደርስ «አንድ ሦስተኛው 3,000 ብር ነው» ብሎ መቁረጥ አይገባም። ጣሪያው አሁንም 2,000 ብር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መመዘኛ እንሂድ። አንቀጽ 59 ለተቆራጩ ጣሪያ አበጀ እንጂ በእጅ ለሚገባው ገንዘብ ወለል አላበጀም። በጣሪያው ሥር ያለውን ስፍራ በሙሉ ተጠቅመን በወር 841 ብር ብንቆርጥ ገንዘቡ በ10 ወር ይመለሳል፤ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮም 1,941 ብር ስለሚሆን ሕጉን አንጥስም። ነገር ግን በእጇ የሚገባው 2,939 ብር፣ ማለት ከደመወዟ ግማሽ በታች ይሆናል። እኔ በሠራሁባቸው ስፍራዎች የያዝሁት ልማድ አለ፤ ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው። ይኸውም ተቆራጩ ሁሉ፣ ግብርና ጡረታም ጭምር፣ ከተቀነሰ በኋላ ሠራተኛው ከደመወዙ ከግማሽ ያላነሰ ገንዘብ ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ግማሹ ለምን ተመረጠ ቢባል፣ ከዚያ በታች የወረደ ሠራተኛ በወሩ አጋማሽ የደመወዝ ብድር ሊጠይቅ ወደ እኛው ቢሮ እንደሚመለስ ስለ ታዘብሁ ነው። አንድ እጅ ቆርጦ ሌላ እጅ የሚያበድር ከሆነ ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ስሙን ብቻ ለውጧል።

በዚህ መመዘኛ ስሌቱ እንደሚከተለው ይሆናል። ከተጣራው 4,880 ብር ላይ ነባሩ 1,100 ብር ሲቀነስ 3,780 ብር ይቀራል። የደመወዟ ግማሽ 3,000 ብር ስለሆነ ለመመለሻው የሚተርፈው 780 ብር ነው። በጣሪያው መመዘኛ የተገኘው 900 ብር ነበር፤ ከሁለቱ የሚያንሰውን፣ 780 ብርን እንወስዳለን። 8,410 ብር ለ780 ሲካፈል ከ10 ወር አልፎ 11 ወር ሳይሞላ ስለሚቀር ወደ ላይ አጠጋግተን 11 ወር እንላለን። ከዚያ 8,410 ብርን ለ11 ስናካፍል 764 ብር ከ55 ሳንቲም ይመጣል። ሳንቲም በየወሩ ከማንጠባጠብ አሥር ወር 765 ብር፣ በመጨረሻው ወር 760 ብር ብናደርገው ድምሩ በትክክል 8,410 ይሆናል። በየወሩ በእጇ የሚገባውም 3,015 ብር ነው። የሚስተዋለው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ በመጀመሪያ ሊቆረጥ የሚችለው መጠን ይወሰናል፤ የወሩ ብዛት ከእርሱ ይወጣል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ግን ጣሪያውን እንደ ግብ ወስዶ በጣም አጭር የሆነውን ጊዜ ፈለገ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ተሠርቶ ለሠራተኛዋ ሲነበብላት አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበች። «በመስከረም ልጆቼን አስመዘግባለሁ፤ ያን ወር ባታስነኩኝ» አለች። ተቀባይነት አገኘች። ስለዚህ ተቆራጩ ከጥር 2018 ጀምሮ እስከ ነሐሴ ስምንት ጊዜ፣ መስከረም 2019 ታልፎ በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሦስት ጊዜ እንዲሆን ተወሰነ። ጳጉሜን የራሷ የደመወዝ መክፈያ ስለሌላት በወሮቹ ቁጥር ውስጥ አልገባችም። ይህን መጥቀሴ ያለምክንያት አይደለም፤ የመጨረሻውን ወር ሲቆጥር ዓመቱን አሥራ ሦስት የመክፈያ ወር ያለው ያስመሰለ ሰንጠረዥ ገጥሞኝ ያውቃል።

የጽሑፍ ስምምነቱ ከአንድ ገጽ አልበለጠም። ስሕተቱ የድርጅቱ መሆኑንና የተፈጸመባቸውን አምስት ወራት፣ በየወሩ በእጇ የገባውን ትርፍና ድምሩን፣ የተቆራጩን መጠንና የወራቱን ስም አንድ በአንድ፣ ወለድ የማይታሰብ መሆኑን ይገልጻል። ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ነገሮች በግልጽ ተጽፈዋል። አንደኛው ሠራተኛዋ ከሥራ ብትለቅ ቀሪው እንዴት እንደሚከፈል ነው። ይህ አስቀድሞ ካልተጻፈ አሠሪው በመሰናበቻው ቀን የሚገባትን ሁሉ ለመያዝ ይፈተናል፤ ክርክርም ከዚያ ይነሣል። ሁለተኛው ደመወዙ በቀነሰበት ወር ተቆራጩም እንዲቀንስ የሚያዘው ቃል ነው።

ይህ ሁለተኛው ቃል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እኩል ተቆራጭ መልካም የሚሆነው ደመወዙ እኩል ሆኖ ሲቀጥል ነው። ሠራተኛዋ በአንድ ወር ውስጥ ለአሥር ቀን ያለክፍያ ፈቃድ ወሰደች እንበል። የዚያ ወር ደመወዟ 4,000 ብር፣ ግብሩ 300 ብር፣ ጡረታው 280 ብር ሆኖ የተጣራው 3,420 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ነባሩ 1,100 ብር ሲነሣ 2,320 ብር ይቀራል። 765 ብር እንደ ወትሮው ቢቆረጥ 1,555 ብር ብቻ ይዛ ትሄዳለች፤ የተቆራጩም ድምር ከ4,000 ብር አንድ ሦስተኛ፣ ከ1,333 ብር ይበልጣል። ሁለቱን መመዘኛዎች እንደገና ስንሠራ በግማሹ መመዘኛ 320 ብር፣ በጣሪያው መመዘኛ 233 ብር ይወጣል። በዚህ ጊዜ የሚያንሰው የጣሪያው ነው፤ ስለዚህ 233 ብር ይቆረጣል። የቀረው 532 ብር በሚቀጥለው ወር ላይ አይደረብም፤ ከመጨረሻው ወር ቀጥሎ ባለው ወር፣ በጥር 2019፣ ለብቻው ይከፈላል። በሚቀጥለው ወር ላይ ከተደረበ 1,297 ብር ስለሚሆን ያ ወር ደግሞ ጣሪያውን ያፈርሳል፤ ስሕተቱም ከወር ወደ ወር እየተንከባለለ ይሄዳል።

ተቆራጩ በትክክል እየተፈጸመ መሆኑን የሚያሳየው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ሁለት ዓምዶችን በየወሩ መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያው በደመወዝ መክፈያው ላይ ቀሪ ዕዳው ነው። በሠራተኛዋ የደመወዝ ወረቀት ላይ «ተቆራጭ 765» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «ቀሪ 7,645» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ወሩ ሲያልፍ 6,880፣ ከዚያ 6,115 እያለ ሲወርድ ሠራተኛዋ ራሷ ተቆጣጣሪ ትሆናለች። አንቀጽ 60 አሠሪው የተቆራጩን ዓይነትና መጠን በክፍያ መዝገብ እንዲያሳይ የሚያስገድድ ስለሆነ ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። ሁለተኛው ዓምድ በእጅ የሚገባው ገንዘብ ነው። መክፈያው ከመፈረሙ በፊት ያን ዓምድ ከደመወዙ ግማሽ ጋር ማስተያየትና የወረደ ካለ ማስቆም ነው። ብዙ ፋብሪካዎች የቁጠባና ብድር ማኅበራቸው አዲስ ብድር ሲሰጥ የተቆራጩን ዝርዝር የሚያመጡት መክፈያው ሊዘጋ ሲል ነው። በጥር ጣሪያውን ያከበረ ስሌት በመጋቢት በአዲስ ብድር ምክንያት ሊያፈርሰው ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ዓምዱን በየወሩ በመመልከት ብቻ ነው። በመጨረሻም ቀሪው ዜሮ በሚሆንበት ወር ተቆራጩ በራሱ እንዲቆም ማድረግና ዕዳው መጠናቀቁን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ መስጠት ያስፈልጋል። በአሥራ ሁለተኛው ወር ሳይታሰብ የቀጠለ ተቆራጭ ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ነው፤ አሁን ደግሞ ባለዕዳው ድርጅቱ ነውና።

ስለ ሁለተኛዋ ሴት፣ ስለ ፈረቃ ተቆጣጣሪዋ፣ ሳልናገር ብቀር ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። በሒሳብ ክፍሉ ውስጥ «ከዚያችኛዋ ሲመለስ ለዚችኛዋ ይከፈላል» የሚል አሳብ ተሰንዝሮ ነበር። በዚህ አሳብ መሠረት ቢሆን ኖሮ አምስት ወር የሠራችበትን ገንዘብ በአሥራ አንድ ወር ክፍልፋይ ልትቀበል ነበር። ነገሩ የሚያሳስት ቢመስልም ሁለቱ ሒሳቦች አይገናኙም። ለተቆጣጣሪዋ ያልተከፈለው ገንዘብ የድርጅቱ ዕዳ ነው፤ ቀኑም ያለፈ ዕዳ ነው። ከመፍተያ ሠራተኛዋ የሚሰበሰበው ደግሞ ሌላ ሰው ሌላ ሒሳብ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው በአንድ ጊዜ በታኅሣሥ ተከፈለ፤ ሁለተኛው በየወሩ ይመለሳል። ስሕተቱን የሠራው ድርጅት በመካከሉ ያለውን ጊዜ በራሱ ገንዘብ ተሸከመ።

የስሕተቱ ምንጭ ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ነበር፤ የአያት ስምና የመታወቂያ ቁጥር የሌለበት አንድ ደብዳቤ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ፋብሪካ የመታወቂያ ቁጥር ያልተጻፈበት የደመወዝ ለውጥ ደብዳቤ ሒሳብ ክፍል አይቀበልም። በየወሩም ደመወዛቸው ካለፈው ወር የተለወጠ ሠራተኞች ስም ብቻ በአንድ ወረቀት ወጥቶ ከደብዳቤዎቹ ጋር ይመሳከራል። በሐምሌ ይህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ የሚመለሰው ገንዘብ 8,410 ብር ሳይሆን ምንም ባልሆነ ነበር። በነሐሴ እንኳ ተደርጎ ቢሆን 1,682 ብር ብቻ ስለሚሆን በሦስት ወር ባለቀ ነበር።

ክቡራን አባላት፤ በጠረጴዛችን ላይ ወደፊት እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲቀርብልን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በስንት ወር ይመለሳል?» የሚለው እንዳይሆን አሳስባለሁ። በመጀመሪያ «በእጇ የገባው ስንት ነው?» እንበል፤ ቀጥሎ «ሌላ ምን ይቆረጥባታል?»፤ ከዚያ «ምን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች?» እንበል። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ከተገኘ የወሩ ብዛት በራሱ ይወጣል።